የዲስካውንት ሬት በየዓመቱ ሲለያይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በመጀመሪያ አንድ ምሳሌ እንያዝ፣ እስከ መጨረሻው እሱን ነው የምንጠቀመው። አንድ ዳቦ ቤት 9.5 ሚሊዮን ብር አውጥቶ አዲስ መጋገሪያ ማሽን ሊገዛ ነው። በ1ኛው ዓመት መጨረሻ 2.5 ሚሊዮን፣ በ2ኛው 3 ሚሊዮን፣ በ3ኛው ደግሞ ማሽኑን ሸጦ የሚያገኘውን ጨምሮ 8.7 ሚሊዮን ብር ይገባል ተብሎ ተገምቷል። ባለቤቱ የዋጋ ንረቱ እየቀነሰ ይሄዳል ብሎ ስላሰበ የካፒታል ወጪውን (ለብድርም ለራሱ ገንዘብም የሚጠበቀውን ተመላሽ ማለት ነው) ለ1ኛው ዓመት 25 በመቶ፣ ለ2ኛው 20፣ ለ3ኛው 16 አድርጎ ይዟል። የወደፊቱን ብር ወደ ዛሬ ዋጋ የምንመልስበት ዲስካውንት ሬት ማለት እሱ ነው።

«የ3ኛው ዓመት ሬት 16 በመቶ ከሆነ የ3ኛውን ዓመት ብር በ1.16 ኪዩብ ማካፈል ነው፣ አለቀ»

አላለቀም! በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው፣ የተማሩ ሰዎች በሠሩት የአዋጭነት ጥናት ውስጥ ሳይቀር ታገኙታላችሁ። 16 በመቶው የሚሠራው ከ2ኛው ዓመት መጨረሻ እስከ 3ኛው ዓመት መጨረሻ ላለችው አንዲት ዓመት ብቻ ነው። በ3ኛው ዓመት መጨረሻ የሚገባው ብር ግን ወደ ዛሬ ሲመለስ በሦስቱም ዓመታት ውስጥ ማለፍ አለበት፣ መጀመሪያ በ16 ወደ 2ኛው ዓመት፣ ከዛ በ20 ወደ 1ኛው፣ ከዛ በ25 ወደ ዛሬ። ገንዘባችሁ ያንን ውድ የመጀመሪያ ዓመት አብሮ ነው የታሰረው፣ በኋላ ሬቱ ስለቀነሰ ያለፈው 25 በመቶ አይሰረዝም።

ስለዚህ ማካፈያው በየዓመቱ እየተባዛ ነው የሚሄደው። ለ1ኛው ዓመት 1.25፣ ለ2ኛው 1.25 × 1.20 = 1.50፣ ለ3ኛው 1.50 × 1.16 = 1.74 ይሆናል። 2.5 ሚሊዮኑ ዛሬ 2 ሚሊዮን፣ 3 ሚሊዮኑ 2 ሚሊዮን፣ 8.7ቱ 5 ሚሊዮን ያወጣል፣ ድምሩ 9 ሚሊዮን። ማሽኑ 9.5 ስለሆነ ኤንፒቪው፣ ማለትም ከገቢዎቹ የዛሬ ዋጋ ላይ የማሽኑ ዋጋ ሲቀነስ የሚቀረው፣ 500 ሺህ ብር ኪሳራ ነው።

በተሳሳተው መንገድ ስትሠሩት ደግሞ 1.16 ኪዩብ 1.561 ገደማ ስለሆነ 8.7ቱ ወደ 5.57 ሚሊዮን ይወጣል፣ የ2ኛው ዓመት በ1.44 ተካፍሎ 2.08 ይሆናል፣ ጠቅላላው 9.66 ሚሊዮን ገደማ ይመጣና ፕሮጀክቱ 157 ሺህ ብር አትራፊ መስሎ ይታያል። ያው ማሽን፣ ያው ገቢ፣ ያው ሬት፣ ግን አንዱ ግዛ አንዱ አትግዛ ይላል።

ኤክሴል ላይ NPV የሚለው ፎርሙላ የሚቀበለው አንድ ሬት ብቻ ስለሆነ እዚህ አይጠቅምም። ሬቶቹን ከC1 እስከ E1፣ ገቢዎቹን ከC2 እስከ E2፣ የማሽኑን ዋጋ በማይነስ B2 ላይ አስገቡና እንዲህ አድርጉ፣ የC3ን እና የC4ን ፎርሙላ ወደ ቀኝ እስከ E ጎትቱት።

```
B3: 1
C3: =B3*(1+C1)
C4: =C2/C3
B5: =B2+SUM(C4:E4)
```

አንድ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር አለ። የተሰጣችሁ ሬት «ለሦስት ዓመት በዓመት 16 በመቶ» የሚል ከሆነ፣ ለምሳሌ በየመሀሉ ወለድ ሳይከፍል መጨረሻ ላይ ብቻ የሚከፍል የሦስት ዓመት ቦንድ ተመላሽ ከሆነ፣ ያ ሦስቱንም ዓመት አንድ ላይ የያዘ ስለሆነ ኪዩብ ማድረጉ ትክክል ነው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ሬቱ የአንድ ዓመት ብቻ ነው ወይስ ከዛሬ ጀምሮ እስከዛ ድረስ ያለው ነው ብላችሁ ጠይቁ።

«ምን አደከመን፣ የሦስቱን ሬት አማካይ ወስደን በሱ ብንሠራው ያው ነው»

አማካዩ 20.33 በመቶ ነው። በሱ ሲሠራ ድምሩ 9.14 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል፣ ከትክክለኛው ወደ 142 ሺህ ብር ይበልጣል። የሚገርመው ለ3ኛው ዓመት ብቻ ብታዩት ማካፈያው 1.742 ስለሚሆን ከ1.74 ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ጥፋቱ ያለው መጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ነው፣ 1ኛው ዓመት በ1.25 መካፈል ሲገባው በ1.20 ስለሚካፈል የቅርቡ ገቢ ከሚገባው በላይ ዋጋ ያገኛል። ሬቱ እየጨመረ የሚሄድ ቢሆን ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፣ የቅርቡ ገቢ ያለ ጥፋቱ ይቀንሳል። ቶሎ ገቢ የሚሰጥ ፕሮጀክትን ዘግይቶ ከሚሰጥ ጋር ስታወዳድሩ ይሄ ልዩነት ምርጫውን ሊገለብጠው ይችላል።

«አይአርአሩ 18 በመቶ ነው፣ የመጨረሻው ሬት ደግሞ 16፣ ስለዚህ ያዋጣል»

አይአርአር ማለት ኤንፒቪውን ዜሮ የሚያደርገው ነጠላ ሬት ነው፣ የዚህ ማሽን ደግሞ በእርግጥም 18.4 በመቶ ገደማ ነው። ግን ከየትኛው ጋር ይወዳደር? ከ16 ይበልጣል፣ ከ20 እና ከ25 ያንሳል። ሬቱ አንድ በማይሆንበት ጊዜ አይአርአር የሚለካበት አንድ መስመር የለም። የግድ አንድ ቁጥር ከተፈለገ ከላይ ያገኘነውን 9 ሚሊዮን የሚሰጠውን ነጠላ ሬት መፈለግ ነው፣ እሱ እዚህ 21.15 በመቶ ገደማ ይመጣል፣ 18.4 ደግሞ ከሱ ያንሳል፣ ስለዚህ አያዋጣም። ልብ በሉ 21.15 ከተራው አማካይ ይበልጣል፣ ምክንያቱም 25 በመቶው ሦስቱንም ገቢ ይነካል፣ 16 በመቶው ግን የመጨረሻውን ብቻ።

«ብሔራዊ ባንክ ንረቱን ነጠላ አሃዝ ላይ ላቆይ እያለ ነው፣ ስለዚህ ሬቱን በየዓመቱ ቀንሰን መሥራት እንችላለን»

ትችላላችሁ፣ ግን ሬቱን ብቻ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 የ15 በመቶ ፖሊሲ ሬት ካመጣ ወዲህ ብዙ ሰው ሬቱ ወደፊት ይወርዳል ብሎ ይሠራል፣ ያ ምንም ችግር የለውም። ችግሩ ሬቱን ሲቀንሱ የዳቦውን ዋጋ ግን በድሮው ንረት እያሳደጉ መቀጠላቸው ነው።

የኛን ምሳሌ ውስጡን እንየው። ዳቦ ቤቱ ከንረት በላይ 6 በመቶ ይፈልጋል እንበል። ንረቱ 18፣ 13 እና 9.5 በመቶ ቢሆን 1.06 × 1.18 ወደ 25 በመቶ፣ 1.06 × 1.13 ወደ 20፣ 1.06 × 1.095 ወደ 16 ይወስደናል፣ ሬቶቹ የመጡት ከዚህ ነው። እንግዲህ ገቢው ውስጥ ያለው ዋጋም በነዚሁ 18፣ 13 እና 9.5 ነው ማደግ ያለበት። አንድ ሰው ዋጋውን በሦስቱም ዓመት በ18 እያሳደገ ሬቱን ግን እየቀነሰ ቢሠራ የ3ኛው ዓመት ገቢ 12.5 በመቶ ያብጣል፣ የ500 ሺህ ኪሳራውም 215 ሺህ ገደማ ትርፍ ሆኖ ይወጣል።

የሌላ ሰው ሥራ ሲደርሳችሁ ይሄን ለማየት የ3ኛውን ዓመት ገቢ ከንረት አጽዱት፣ 8.7 ሚሊዮኑን በ1.18 × 1.13 × 1.095 ስታካፍሉ 5.96 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል፣ እሱን በ1.06 ኪዩብ ስታካፍሉት ደግሞ 5 ሚሊዮን። በመጀመሪያው መንገድ ካገኘነው ጋር ይገጥማል። ከንረት የጸዳው ገቢ ግን የሚሸጠው ዳቦ ብዛት ሳይጨምር በየዓመቱ እያደገ ከታያችሁ፣ ዋጋው ላይ የተጠቀሙበትን ንረት ሬቱ ውስጥ ካለው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩት።