«ሄሎ… ይሰማል?» — ድምፅ ሲዘገይ ከሰላምታ በኋላ ስለሚመጣው ዝምታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሄሎ ብዬ መልስ ካልመጣ አልተሰማሁም ማለት ነው፤ ልድገመው።»

አብዛኛውን ጊዜ ተሰምተዋል፤ ያልደረሰው መልሱ ነው። ሪያድ ያለች ልጅ ደሴ ላሉት እናቷ በቪዲዮ ደወለች እንበል፤ ድምፅ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ለመድረስ 0.8 ሰከንድ ይፈጅበታል። ልጅ «ሄሎ እማዬ» ብላ ስትጨርስ ሰዓቱን ከዜሮ እንጀምር። እናት ቃሉን የሚሰሙት በ0.8 ሰከንድ ነው። ወዲያው «አቤት ልጄ!» ብለው በ1 ሰከንድ ላይ ይጀምራሉ። ይህ ድምፅ ሪያድ የሚገባው በ1.8 ነው። ልጅ ግን እስከዚያ አትታገስም። ሰዎች ፊት ለፊት ሲያወሩ በአንዱ ንግግርና በሌላው መልስ መካከል ያለው ክፍተት ባብዛኛው ከሰከንድ ሩብ ስለማይበልጥ፣ 1 ሰከንድ ዝምታ ለጆሮ ብዙ ነው። ስለዚህ በ1.2 ላይ «ሄሎ? ይሰማል?» ትላለች። ይህ ሁለተኛው «ሄሎ» ደሴ የሚደርሰው በ2 ሰከንድ፣ እናት ወሬ ጀምረው መሀል ላይ ሳሉ ነው። እናት ንግግራቸውን ቆርጠው ለማዳመጥ ዝም ይላሉ። ልጅም የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ዝም ትላለች። አሁን ሁለቱም ይጠብቃሉ፤ ቀጥሎ ሁለቱም እኩል «እሺ፣ ቀጥይ» ይላሉ፤ እንደገና ይጋጫሉ። ዝምታውን የወለደው እንግዲህ መስመሩ ብቻ አይደለም፣ ድግግሞሹም ጭምር ነው።

መድኃኒቱ አንድ ጊዜ «ሄሎ» ብሎ በልብ ቀስ እያሉ እስከ ሦስት መቁጠር ነው። ሦስት ሰከንድ አልፎ ምንም ካልተሰማ፣ ያኔ መድገም ተገቢ ነው። ድምፅ ከተጋጨ ደግሞ «አንተ ቀጥል፣ አንቺ ቀጥይ» መባባል ራሱ አዲስ ግጭት ስለሚያመጣ፣ ማን እንደሚቀጥል አስቀድሞ መስማማት ይሻላል። በእኛ ቤት ለዚህ የተዘጋጀ ሥርዓት አለ፦ ታላቅ ይቀጥላል፣ ታናሽ ዝም ይላል። እኩዮች ከሆኑ የተደወለለት ይቀጥል።

«ዝምታው እንዳይከብድ ቶሎ ቶሎ እየጠየቁ መሙላት ነው።»

የአማርኛ ሰላምታ የተሠራው ፊት ለፊት ለቆሙ ሰዎች ነው። «ደህና ነሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ጤና ነው?» «አልሐምዱሊላህ።» «ልጆቹስ?» «ደህና ናቸው።» «ሥራስ?» እያለ በአጫጭር ጥያቄ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ሁለቱ ድርብርብ ብለው ይጠይቃሉ፣ ማንም አይከፋም። በሚዘገይ መስመር ላይ ግን እያንዳንዷ ጥያቄ ደርሳ መልሷ እስኪመለስ፣ ከላይ ባየነው ጥሪ 1.6 ሰከንድ ትበላለች። ስድስት ጥያቄ ማለት ወደ 10 ሰከንድ የሚጠጋ ባዶ ጊዜ ነው፤ ያውም ካልተጋጨ።

የሚያዋጣው ሰላምታውን ሳይቀንሱ በአንድ ትንፋሽ ማሰር፣ የራስን ደህንነት ሳይጠየቁ መናገር፣ መጨረሻ ላይ ረጅም መልስ የሚሻ አንድ ጥያቄ ማስቀመጥ ነው። ለምሳሌ፦ «እማዬ እንዴት አደርሽ፣ እኛ ሁላችን ደህና ነን፣ ዛሬ እረፍት ነኝ፣ ድምፁ ስለሚዘገይ ዝም ብል እየሰማሁሽ ነው፤ በይ አሁን የአባዬ ጉልበት እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።» እናት ግማሽ ደቂቃ ያወራሉ፤ በዚያ ግማሽ ደቂቃ ውስጥ መዘግየቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰማው። «ደህና ነው?» ብለው ቢጠይቁ ግን መልሱ «ደህና ነው» ሆኖ ያልቃል፣ ዝምታውም ተመልሶ ይመጣል። ዓረፍተ ነገሩ ማለቁ እንዲታወቅ በስም መጨረስም ይረዳል፦ «… ንገሪኝ፣ እማዬ።»

ሌላው ሰው ሲያወራ «እህ»፣ «እሺ»፣ «ውይ» ማለት የጨዋ አድማጭ ምልክት ቢሆንም፣ እዚህ ከ1 ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ደርሶ ቀጣዩን ቃል ያቋርጣል። ጭንቅላትን በመነቅነቅ ይተካ። ያቺ ወደ ውስጥ ትንፋሽ ሳብ አድርገን «አዎ» የምንልባትማ ጨርሶ ላትደርስ ትችላለች፤ የጥሪ መተግበሪያዎች የጀርባ ጫጫታ ሲያጠፉ እሷንም ከትንፋሽ ድምፅ ቆጥረው ሊያጠፏት ይችላሉ።

«ፊቱ ቀጥ ብሎ ቀርቷል፤ ተቋርጧል፣ ልዝጋው።»

ኔትወርክ ሲጠብ መተግበሪያዎቹ ባብዛኛው የሚያስቀድሙት ድምፅን ነው፤ ምስሉ የቆመው ድምፁ እንዲያልፍ ሊሆን ይችላል። ምስል ሲቆም «ቆመሃል፣ ቆመሃል» ከማለት የጀመሩትን ጨርሶ መጠበቅ ይሻላል።

«ፈጣን ኢንተርኔት ብገዛ መዘግየቱ ይቀራል።»

የፓኬጅ ፍጥነት የሚነግረን በሰከንድ ስንት መረጃ እንደሚያልፍ ነው፤ አንዷ ቃል ስንት ጊዜ ወስዳ እንደምትደርስ አይደለም። የድምፅ ጥሪ የሚፈልገው በሰከንድ ጥቂት አሥር ኪሎቢት ብቻ ነው። ርቀቱም ብቻውን ይህን ያህል አያዘገይም። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን 0.06 ሰከንድ በበቃው ነበር። ገመዱ ዞሮ ስለሚሄድ ከዚህ ይበልጣል፤ ቢሆንም ሰከንድ አይሞላም። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መመሪያ በአንድ አቅጣጫ እስከ 0.15 ሰከንድ ያለውን መዘግየት ጥሩ ይለዋል፤ መስመር ሲታቀድ ከ0.4 እንዳያልፍም ይመክራል።

የቀረው የሚጨመረው ባብዛኛው በሁለቱ ቤቶች ውስጥ ነው። ስልኩ በዚያው ሰዓት ፎቶና ቪዲዮ ወደ ክላውድ እየጫነ ከሆነ ድምፁ ከዚያ ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። ዋይፋዩ በሁለት ግድግዳ ማዶ ከሆነ መረጃው አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ ይገባል፤ መተግበሪያው ድምፁ እንዳይቆራረጥ ሲል ጥቂት አጠራቅሞ ያሰማል፣ ማጠራቀሙም ያዘገያል። ብሉቱዝ ማዳመጫም የራሱን ይጨምራል። ስለዚህ ጭነቱን ማቆም፣ ወደ ራውተሩ መጠጋት፣ ባለ ገመድ ማዳመጫ መሰካት፣ ካልሆነም ሰላምታው እስኪያልቅ ካሜራውን ማጥፋት። በዋትስአፕ «Storage and data» ውስጥ ያለችውን «Use less data for calls» ማብራትም ይቻላል።

ለውጥ መኖሩን ለማወቅ ተራ በተራ ከ1 እስከ 10 ቁጠሩ፦ አንዱ «አንድ»፣ ሌላው እንደሰማ «ሁለት»። ጀማሪው «አሥር»ን እስኪሰማ በሰዓት ይለካ። ፊት ለፊት ይህ 6 ሰከንድ ያህል ይወስዳል እንበል። በጥሪ 14 ከፈጀ ትርፉ 8 ሰከንድ ነው፤ ድምፁ 10 ጊዜ ስለተጓዘ ለ10 ሲካፈል በአንድ አቅጣጫ 0.8 ሰከንድ ይሆናል። ካሜራውን አጥፍታችሁ ስትደግሙት 9 ሰከንድ ከሆነ፣ አንዱ ጉዞ ወደ 0.3 ወርዷል፤ አጭሩ የሰላምታ ጥያቄም ይቻላል።

«ቀዝቀዝ ብሎ ነው የመለሰልኝ፤ ቅር ብሎታል።»

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የበርሊን ጥናት፣ ሰዎች በመስመሩ መዘግየት ምክንያት የሚያወሩትን ሰው ትኩረት የጎደለው አድርገው እንደሚመዝኑት አሳይቷል፤ ጥፋቱን ለመስመሩ ሳይሆን ለሰውየው ይሰጣሉ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ለሚደውል ሰው፣ ለሐዘን ወይም ለሽምግልና ለሚደረግ ጥሪ ይህ ቀላል አይደለም። እንዲህ ላለው ጥሪ ቆጠራውን አስቀድሞ መሞከር፣ መዘግየቱ ከ0.4 ሰከንድ በላይ ከሆነና ካልቀነሰ ደግሞ ቪዲዮውን ትቶ በመደበኛ ስልክ መደወል ወይም የድምፅ መልእክት መላክ ይሻላል።