«ኮዱ ይፈቀዳል እኮ!»፦ ስለ ኦፕን ቡክ ፈተና የሚባሉ የተሳሳቱ ነገሮች

«ኮዱ እጄ ላይ ነው፤ ምን ብዬ ላጥና?»

ፋይናል በደረሰ ቁጥር ይህንኑ እሰማለሁ። እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ፣ የሕግ ተማሪዎችን አስጠናለሁ። የውል ሕግ ፈተና ኮድ፣ ማለትም የፍትሐ ብሔር ሕጉ መጽሐፍ፣ ተይዞ የሚገባበት ነው ሲባል ብዙዎቹ የጥናት ሰዓታቸውን ለሌላ ኮርስ ይሰጡታል። ውጤት ሲወጣ የሚያስደነግጣቸው ግን ይኸው ኮርስ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ሁለት ሰዓት፣ አራት ጥያቄ። ለአንዱ ሠላሳ ደቂቃ ይደርሳል። ታሪኩን ማንበብና ጭብጡን መለየት ስምንት ደቂቃ ይፈጃል፣ መልሱን መጻፍ ደግሞ አሥራ ሰባት። ለፍለጋ አምስት ደቂቃ ቀረች። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 3,367 ቁጥሮች አሉት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የምታገኙት የት እንዳለ ቀድማችሁ የምታውቁትን ብቻ ነው።

ለልምምድ የምሰጠው ጥያቄ አለ። አንድ ሰው አዘዞ ያለ ቤቱን ሸጠ። ውሉ በጽሑፍ ነው፤ ሻጭና ገዢ ፈርመዋል፤ ሁለት ምስክሮችም አሉ። ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ያለው አካል ጋ ግን አልሄዱም። ገዢው የዋጋውን ግማሽ ከፍሏል። ከወራት በኋላ ሻጩ «በሕግ ፊት ውል የለንም» አለ። ምን ትመክራላችሁ?

አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ታሪኩን እንዳነበበች በቀጥታ ኮዱን ገለጠች። «ሽያጭ» የሚለውን ፈልጋ ቁጥር 2266 ላይ አረፈች። ከዚያ ጀምሮ ያለው በዋናነት የሚንቀሳቀሱ ዕቃዎች ሽያጭ ነው። ገጽ ስትገለብጥ፣ ስታነብ፣ ስትመለስ ደቂቃዎቹ ሄዱ። በመጨረሻ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭን 2875 ላይ አገኘችው። ዝቅ ብላ 2877ን አነበበች፤ ሽያጩ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም ይላል። «ውሉ በጽሑፍ ስለሆነ ይጸናል» ብላ በሚያምር አማርኛ አንድ ገጽ ጻፈች።

የጠቀሰችው ቁጥር ትክክለኛ ነው። መልሱ ግን ጎዶሎ ነው። መጽሐፍ አምስት ስለ ልዩ ውሎች ያወራል፤ የሁሉም ውሎች ጠቅላላ ደንብ ያለው መጽሐፍ አራት ውስጥ ነው። ቁጥር 1677 ሁለቱ አብረው እንደሚነበቡ ይነግረናል። እዚያ ስትሄዱ 1723 ይጠብቃችኋል፦ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ መሆን ብቻ አይበቃውም፤ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት መሆንም አለበት። ይህ ሲጎድል ምን ይሆናል? 1720 ውል ሳይሆን ረቂቅ ነው ይላል። ውሉ ይፍረስልኝ ማለት የሚችለው ማን ነው? 1808። የተከፈለው ገንዘብስ? 1815፣ ወደ ነበሩበት መመለስ። በዚህ ላይ የሰበር ሰሚ ችሎት 1723ን የተረጎመባቸው ውሳኔዎች አሉ። የሰበር ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን እንደሚያስገድድ በአዋጅ 1234/2013 ስለተደነገገ፣ እነሱን ሳያነሱ የሚሰጥ ምክር ሙሉ አይሆንም። ኮዱን ብትገለብጡት ብትገለብጡት ደግሞ ውስጡ አታገኟቸውም።

ልጅቷ ማንበብም መጻፍም ትችላለች። የጎደላት ከ2877 ወደ 1723 የሚያሻግረው መንገድ ነው። ይህን መንገድ ፈተና ላይ መፈለግ አይቻልም፤ ቀድሞ ይሠራል።

«እንግዲያው ሃንድአውቱንም ኖቱንም ይዤ ልግባ»

የሚፈቀደውን መጀመሪያ መምህሩን ጠይቁ። አንዳንዱ ባዶ ኮድ ብቻ ይፈቅዳል፤ ጠርዙ ላይ እርሳስ የነካው ካለ ይነጠቃል። አንዳንዱ ምልክት ማድረግ ይፈቅዳል፣ ኖት ግን ይከለክላል። ይህን ሳያጣሩ ማዘጋጀት ከንቱ ልፋት ነው።

የፈለጋችሁትን ያዙ ከተባላችሁም ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ የሰው ኖት በሙሉ አታባዙ። ያልጻፋችሁት ኖት ውስጥ መፈለግ ኮዱ ውስጥ ከመፈለግ ይብሳል፤ ቢያንስ ኮዱ በቁጥር ተራ ተቀምጧል። አንድ ገጽ ካርታ ይበቃችኋል። በግራ ጥያቄው፣ በቀኝ ቁጥሮቹ። «ቤት ተሸጠ፣ አልተመዘገበም፦ 2877፣ 1723፣ 1720፣ 1808፣ 1815፣ ሰበር።» እንዲህ ዓይነት ሃያ መስመር የውል ሕግን ዋና ዋና ጉዳዮች ይይዛል። እጃችሁ ይጻፈው እንጂ ከጓደኛ አትቅዱት።

ጠርዝ ላይ የሚለጠፈው ወረቀትም ልክ አለው። አንድ ልጅ ኮዱን ዙሪያውን በስቲኪ ኖት ሞልቶት አይቻለሁ፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ራሱም አያውቀውም። አሥር አሥራ ሁለት ይበቃል። ላዩ ላይ የምዕራፉን ርእስ ሳይሆን ታሪኩን ስታነቡ ወደ አእምሯችሁ የሚመጣውን ጥያቄ ጻፉበት። 1696 ላይ «ፈቃዱ ተበላሸ?»፣ 1719 ላይ «ፎርሙ ጎደለ?»፣ 1771 ላይ «አልፈጸመም?»። የሚምታቱትን ደግሞ እርስ በርስ አገናኟቸው። 1845 ጎን «ይፍረስልኝ ከሆነ 1810» ብላችሁ ጻፉ። ጠቅላላው ይርጋ አሥር ዓመት ነው፤ ውል ይፍረስልኝ ለሚል ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነው ያለው። ተማሪ ሁሌ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

«ዋና ዋናውን በማርከር አቅልሜዋለሁ»

ገጹ በሙሉ ቢጫ ከሆነ ምንም አልተቀለመም። ልዩ ሁኔታ የሚያመጡትን ቃላት ብቻ ቀልሙ፦ «ካልሆነ በቀር»፣ «ይሁን እንጂ»።

«በላፕቶፕ ከሆነ Ctrl+F አለ»

አብዛኛው እጅ ላይ ያለው የአማርኛ ኮድ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነው። ፎቶ ማለት ነው፤ ቃል አይፈለግበትም። ጽሑፉ የሚፈለግ ቢሆን እንኳ እናንተ «ህግ» ስትሉ እሱ «ሕግ» ብሎ ከጻፈ ምንም አያመጣም። ከሳምንት በፊት ሁለት ሦስት ቃል ሞክሩበትና እወቁት።

«ቶሎ ማግኘት የተፈጥሮ ነው»

አይደለም። ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንዱ አጭር ታሪክ ያንብብ። ሌላው ኮዱን ሳይከፍት ጭብጡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ ለምሳሌ «ፎርሙ ያልተሟላ የቤት ሽያጭ ውጤቱ ምንድን ነው?»። ይህን ካልተናገረ ኮዱ አይከፈት። ከተናገረ በኋላ ስልክ ላይ ሰዓት ይያዝ። የመጀመሪያውን ቁጥር በአንድ ደቂቃ ውስጥ በጣት መንካት አለበት፤ የቀሩትን በሚቀጥሉት ሦስት ደቂቃዎች።

ስትዘገዩ ምክንያቱን ለዩት። ገጹን ስታጡት ምልክቱ ጎድሏል ማለት ነው፤ ለጥፉ። ትክክለኛው ገጽ ላይ ሆናችሁ ቁጥሩ ካለፋችሁ ደግሞ ያን ክፍል አላነበባችሁትም፤ ተመልሳችሁ አንብቡት። ጭብጡን መናገር ካቃታችሁ ምልክት ብትለጥፉ አይፈታውም፤ የዚያን ምዕራፍ ኖት ይዛችሁ እንደገና መቀመጥ ነው። ይህን ቢያንስ ለአንድ ሳምንት፣ በቀን አራት አምስት ታሪክ እያደረጋችሁ ሥሩት፤ ሁልጊዜም ፈተና በምትገቡበት በራሱ ኮድ ይሁን። የዶርም ጓደኛ ኮድ ተውሶ መግባት አይሠራም፤ የኅትመቱ ገጽ ከተለየ እጃችሁ የለመደው ቦታ ሁሉ ይጠፋል።