«ፌዝ ሁለት» ምንድን ነው? አዲስ መድኃኒት ሲሞከር ከመፈረም በፊት የሚጠየቅ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አብረን የምንኖር አንድ ጎረቤቴ ባለፈው ወር ስድስት ገጽ ወረቀት ይዞ መጣ። በሌሊት ጥበቃ የሚሠራ፣ ስኳር ያለበት ሰው ነው። የሚታከምበት ሆስፒታል አዲስ የስኳር መድኃኒት ጥናት ውስጥ እንዲገባ ጠይቆታል።

«ሲስተር፣ ፌዝ ሁለት ነው አሉኝ። ሊያፌዙብኝ ነው እንዴ?»

አልሳቅኩም። እኔ ነርስ ነኝ፤ ጥናት ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ ምዕራፍ ወይም ደረጃ ማለት ነው። «ጋሼ፣ ቁጥሩ የሚነግርዎት ስለ መድኃኒቱ እስካሁን ምን ያህል እንደታወቀ ነው» አልኩት። ከዚያ ቤዳኩሊን የሚባለውን የቲቢ መድኃኒት ታሪክ ነገርኩት። ደረጃዎቹን እንደዚህ መድኃኒት አጥርቶ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ቤዳኩሊን መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጥ ክኒን ነው። እንደ ማንኛውም አዲስ መድኃኒት መጀመሪያ በእንስሳት ላይ ተሞከረ። ቀጥሎ ምዕራፍ አንድ መጣ። እዚህ ላይ የሚሳተፉት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 100 የሚሆኑ ጤነኛ ፈቃደኞች ናቸው። (የካንሰር መድኃኒት ሲሆን ግን ከመጀመሪያው በሕሙማን ላይ ይሞከራል።) ጥያቄው «ያድናል ወይ?» አይደለም። ስንት ሚሊግራም ሰውነት ይችላል? መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥስ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? የሚፈለገው ይህ ነው። ቤዳኩሊን ከምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን እጥፍ ገደማ እንደሚሆን የታወቀው እንዲህ ባሉ ጥናቶች ነው። ከሰውነት የሚወጣው ደግሞ በጣም ቀስ ብሎ ነው፤ ግማሹ ለመውጣት አምስት ወር ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ምዕራፍ ሁለት ላይ መድኃኒቱ ሕሙማን ጋ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ ሰዎቹ ከጥቂት መቶ አይበልጡም። በአንዱ የቤዳኩሊን ጥናት የነበሩት 160 ናቸው። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ሁሉም የተለመደውን ሕክምና አገኙ። በዚያ ላይ 79ኙ ቤዳኩሊን፣ 81ዱ ደግሞ ቤዳኩሊን የሚመስል ነገር ግን መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተጨመረላቸው። ውጤቱ ደስ የሚል ነበር። ቤዳኩሊን ከወሰዱት መካከል ግማሾቹ በ83 ቀን ውስጥ አክታቸው ከተህዋሲው ጸዳ፤ በሌላው ወገን 125 ቀን ፈጀ።

ግን ሌላም ነገር ታየ። ቤዳኩሊን ከወሰዱት 79 ሰዎች 10 ሞቱ። ካልወሰዱት 81 ሰዎች የሞቱት ሁለት ናቸው።

መድኃኒቱ ነው የገደላቸው? በሁለቱ ወገን ያለው የሰው ቁጥር ትንሽ ስለነበረ ይህን መለየት አልተቻለም። የምዕራፍ ሁለት ትልቁ ድክመት ይኸው ነው፤ ተስፋውንም ስጋቱንም ያሳያል እንጂ ለመፍረድ አይበቃም። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በታኅሣሥ 2012 እ.ኤ.አ. ቤዳኩሊንን በጥብቅ ማስጠንቀቂያ ፈቀደው፤ በሽታው ገዳይ፣ አማራጩም ጥቂት ስለነበረ። ግን ምዕራፍ ሦስት ተሠርቶ ይረጋገጥ አለ።

ምዕራፍ ሦስት አዲሱን አሁን ከሚሰጠው ሕክምና ጋር በብዙ ሰው ላይ ያወዳድራል። እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኛ ይመጣል። ስትሪም የተባለው ጥናት በመጀመሪያው ዙር ከተካሄደባቸው ቦታዎች አንዱ እንጦጦ ጥግ ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነበር። ሁለተኛው ዙር ቤዳኩሊን ያለበትን፣ መርፌ የሌለውን ሕክምና መርፌ ካለበት ሕክምና ጋር አወዳደረ። 588 ሰዎች ከሰባት አገሮች ገቡ፤ ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ቤዳኩሊን ካለበት ወገን 83 በመቶው ጥሩ ውጤት አገኘ፤ በመርፌው ወገን 71 በመቶው። ከባድ የመስማት ችግር በመርፌው ወገን 9 በመቶው ላይ ሲደርስ በክኒኑ ወገን 2 በመቶው ላይ ብቻ ደረሰ። ያ አስፈሪ የሞት ልዩነትም አልተደገመም። ዛሬ የእኛ አገር ሕመምተኛ ለወራት ያንን ጆሮ የሚያደነቁር መርፌ የማይወጋው እነዚያ ሰዎች ስለፈረሙ ጭምር ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ምዕራፍ አራት መድኃኒቱ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ የሚደረግ ክትትል ነው።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። «ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት 160ዎቹ ሰዎች የነበሩበት ቦታ ላይ ነው» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ወረቀቱን አብረን አነበብን።

መጀመሪያ እንዲጠይቅ የነገርኩት «ባልገባ ምን ሕክምና አገኛለሁ?» የሚለውን ነው። የስኳር ሰው የለመደውን መድኃኒት እየወሰደ አዲሱ ይጨመርለታል ወይስ የድሮው ይቆማል? ልዩነቱ የትየለሌ ነው። በዕጣ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ቢደርሰውና የድሮው ቢቆምበት ስኳሩ ወደ ላይ ይወጣል። ዕጣውን ሐኪሙም አይመርጥም፤ ብዙ ጊዜ ማን ምን እንደደረሰውም አያውቅም። ብዙ ሰው «ዶክተሬ የሚበጀኝን ይሰጠኛል» ብሎ ይፈርማል። ጥናት ውስጥ እንዲህ አይደለም። የሚወስነው ዕጣው ነው።

ሁለተኛው «ብወጣስ?» ነው። ቅጹ «በማንኛውም ጊዜ መውጣት ይችላሉ፤ መደበኛ ሕክምናዎ አይቋረጥም» ይላል። መብት ነው፤ እውነትም ነው። ግን ያቺን አምስት ወር ተኩል አስታውሱ። ከጥናት መውጣት አንድ ነገር ነው፣ መድኃኒቱ ከሰውነት መውጣቱ ሌላ። ስለዚህ «መድኃኒቱ ውስጤ ስንት ጊዜ ይቆያል? ከወጣሁ በኋላስ ማን ይከታተለኛል?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው ምልልሱ ነው። በስድስት ወር 14 ቀጠሮ አለው፤ ስምንቱ በባዶ ሆድ የሚደረግ የደም ምርመራ ነው። ሌሊቱን ሲጠብቅ ያደረ የስኳር ሰው ቁርስ ሳይቀምስ ከኮዬ ፈጬ ሁለት ታክሲ ይዞ ሲሄድ ስኳሩ መንገድ ላይ ሊወርድበት ይችላል። ትራንስፖርት ይከፈለዋል ይላል ወረቀቱ። ስለ ሌሊት ሥራው ግን የጠየቀው የለም።

የመጨረሻው «ብጎዳ ማን ያሳክመኛል?» የሚለው ነው። ቅጹ ላይ «ከጥናቱ መድኃኒት ጋር ለተያያዘ ጉዳት ነፃ ሕክምና ይሰጣል» ተብሏል። ጥሩ ነው። «ተያያዥ» ነው ወይስ አይደለም ብሎ የሚወስነው ማነው? እሱ አልተጻፈም። በእርሳስ አሰመርንበት። መጨረሻው ገጽ ላይ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ስልክ አለ፤ ከአጥኚዎቹ ውጭ የሚደወልበት ቁጥር ስለሆነ ስልኩ ላይ መዘገብንለት።

እሑድ ተመልሶ መጣ። ሐኪሟ ሳትቸኩል አስረድታዋለች። የድሮው መድኃኒቱ አይቆምም። የባዶ ሆድ ቀጠሮዎቹም ከዕረፍት ሌሊቱ ማግስት እንዲሆኑ ተስማምተዋል። ስለ ጉዳቱ ግን «ዋናው ተመራማሪ ይወስናል» ነው ያለችው።

«ሌላ ሰው አያየውም ወይ? አልኳት» አለኝ። «ጠይቄ እነግርዎታለሁ አለች። መልሱን እስክሰማ አልፈርምም፣ ሲስተር።»

ወረቀቱን አጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተና ወደ ሥራው ሄደ።