‹ብለዲ›፦ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ስድብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

‹ብለዲ› ከሥሩ ሲተረጎም ‹ደም የነካው› ወይም ‹ደም ያለበት› ማለት ነው። የብሪታንያና የአውስትራሊያ ሰዎች ግን ከዚህ ፍቺ አላቅቀው ከሌላ ቃል ፊት ያስቀድሙትና ንግግራቸውን ያጠነክሩበታል፤ ‹ብለዲ ሆት› ሲሉ ሙቀቱ ልክ ማለፉን እንጂ ደም መኖሩን አይናገሩም። ስለ ቃሉ አመጣጥና ስለ ጉልበቱ መድከም በሰፊው የሚነገሩ አንዳንድ ነገሮች ከጽሑፍ ማስረጃው ጋር አይገጥሙም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

«‹ብለዲ› ‹በእመቤታችን› ከሚለው የድሮ መሐላ ተጨምቆ የወጣ ቃል ነው።»

እኛም «እመቤቴን!» ብለን የምንምል ሰዎች ስለሆንን ይህ ታሪክ ለጆሯችን ወዲያው ይጥማል። የመካከለኛው ዘመን እንግሊዞች በእርግጥም በድንግል ማርያም ስም ይምሉ ነበር፤ ‹ባይ አወር ሌዲ› የሚለው መሐላቸውም በፈጣን ንግግር አጥሮ ‹ባይርሌዲ› እስከ መባል ደርሷል። ከዚያ ወደ ‹ብለዲ› ለመድረስ ግን በመሐላው ውስጥ ያለው የ‹ር› ድምፅ መጥፋት፣ የ‹ሌ› አናባቢም መለወጥ አለበት፤ ይህ ሁሉ ሲሆን በመካከል የተፈጠሩትን ቅርጾች የሚያሳይ ጽሑፍ ግን የለም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከሌላ ቦታ ተጨምቆ እንዲመጣ የሚያስገድድ ምንም ጉድለት አልነበረም። ‹ብለዲ› ከጥንታዊው እንግሊዝኛ ጀምሮ ‹ደም› ከሚለው ስም የተሠራ ተራ ቅጽል ሆኖ በቋንቋው ውስጥ ኖሯል። የእንግሊዝኛ ዘመዶች የሆኑት ቋንቋዎችም ‹ደም›ን ለማጠንከሪያ ይጠቀሙበታል፦ ጀርመኖች ገና ልጅ እግር የሆነውን ሰው ‹ብሉትዩንግ›፣ ሆላንዶች የሚያቃጥለውን ሙቀት ‹ብሉድሄት› ይሉታል፤ በእነዚህ ቃላት ውስጥ እመቤታችንን የሚፈልግ ግን የለም።

ጸሐፊው ጆናታን ስዊፍት ደግሞ በአንድ የደብዳቤዎቹ ስብስብ ውስጥ ሁለቱንም ጽፏቸዋል። በአንዱ ቦታ የቀኑን ብርድ ሲያነሳ የእመቤታችንን መሐላ ጣልቃ ያስገባል፤ በሌላው ቦታ የእግር መንገዱ ‹ብለዲ ሆት› እንደነበረ ይናገራል። ሁለቱ ጎን ለጎን የሚኖሩ የተለያዩ ቃላት እንጂ የአንዱ ቃል ሁለት መልኮች እንዳልነበሩ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

«የክርስቶስን ደም የሚያነሳ መሐላ ስለነበረ ነው የተከለከለው።»

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል። በክርስቶስ ደም መማል በእውነት ነበረ፤ ‹ጎድስ ብለድ› የሚለው መሐላ አጥሮ ‹ስብለድ› ይባል ነበር። በ1606 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ በተውኔት ውስጥ የእግዚአብሔርን፣ የክርስቶስን፣ የመንፈስ ቅዱስንና የሥላሴን ስም በቀልድ ወይም በድፍረት የሚጠራውን ሰው 10 ፓውንድ ያስቀጣ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ይህ ከባድ ገንዘብ ነው። ውጤቱም በሼክስፒር ‹ኦቴሎ› መጀመሪያ ላይ ይታያል፦ በ1622 በታተመው መጽሐፍ ኢያጎ አፉን የሚከፍተው በ‹ስብለድ› ነው፤ በ1623ቱ ትልቅ እትም ግን መሐላው ተነሥቶ ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ቀርቷል።

ይሁን እንጂ የተሰረዘው ‹ስብለድ› እንጂ ‹ብለዲ› አይደለም። መሐላው የቃሉን ስም ሳያከፋው አልቀረም፤ በኋላ ዘመን ያሉ አንባቢዎችና ሰባኪዎች ሁለቱን ማያያዛቸው አይገርምም። ቃሉ ከመሐላው ተወልዷል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። (በነገራችን ላይ፣ በ‹ማክቤት› መጀመሪያ አካባቢ ‹ብለዲ› ተብሎ የሚጠራው ሰው ከጦርነት የመጣ፣ በእውነት በደም የተነከረ ወታደር ነው፤ ተማሪዎች በየክፍሉ የሚስቁበት በከንቱ ነው።)

ታዲያ ከየት መጣ ለሚለው፣ በመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ከቀረቡት ግምቶች አንዱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ‹ብለድስ› ይባሉ ወደነበሩት የመኳንንት ልጆች ይመራል፤ እነዚህ በየመጠጥ ቤቱ የሚያውኩ ‹ባለ ደም› ጎረምሶች ስለነበሩ ‹ብለዲ ድራንክ› ማለት ‹እንደ እነርሱ የሰከረ› ማለት ነበር ይላል። ለእኔ ከዚህ ይልቅ ቀላሉ መንገድ ያሳምነኛል፦ አስፈሪ ነገርን የሚገልጽ ቃል ፍርሃቱ ተራግፎለት መጠኑ ብቻ ይቀራል። ‹ክፉኛ› የሚለው የራሳችን ቃል ከ«ክፉኛ ቆሰለ» ተነሥቶ «ክፉኛ ወደዳት» እስከ ማለት የደረሰው በዚሁ መንገድ ነው፤ በፍቅሩ ውስጥ ክፋት እንዳለ የሚጠረጥር የለም።

«ቃሉ ሲፈጠር እጅግ ከባድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየክፍለ ዘመኑ እየቀለለ መጣ።»

በሰፊው ከሚታመኑት ስሕተቶች ይህኛው ይበልጥ አሳሳች ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ጉልበቱ በእርግጥ ደክሟል፤ ነገር ግን ከመድከሙ በፊት ወጥቷል፤ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ለረጅም ጊዜ ማንንም አላስደነገጠም።

ማስረጃዎቹን በዕድሜያቸው እንደርድራቸው። በ1676 የጆርጅ ኤተሪጅ አስቂኝ ተውኔት ‹ብለዲ ድራንክ› የሚለውን በለንደን መድረክ ላይ አሰምቷል፤ የተውኔቱም ዓለም የባለጸጎችና የፋሽን ተከታዮች ዓለም ነው። ከላይ የጠቀስኩት የስዊፍት ደብዳቤ የተጻፈው በ1711 ነው። ስዊፍት ቄስ ነበር፤ ደብዳቤውን የሚጽፈው ለሚያከብራትና ለሚወዳት ሴት ነው፤ ቃሉንም ያለ ምንም ይቅርታ ስለ አየር ሁኔታ ተጠቀመበት። ብልግና ቢሆን ኖሮ በዚያ ቦታ ባልተገኘ ነበር።

ከዚያ ነገሩ ይለወጣል። በ1785 ፍራንሲስ ግሮዝ የመንገድ ቋንቋ መዝገበ ቃላቱን ሲያሳትም ‹ብለዲ›ን ሌቦች ሲሳደቡ የሚወዱት ቃል አድርጎ መዘገበው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1880ዎቹ፣ ዛሬ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ተብሎ የሚታወቀው ሥራ ቃሉ ዘወትር በዝቅተኛው መደብ አፍ ላይ እንደሚገኝ፣ የተከበሩ ሰዎች ግን ዘግናኝ እንደሚሉትና ከብልግና እኩል እንደሚቆጥሩት ጻፈ፤ ጋዜጦችም የፖሊስ ዜና ሲያትሙ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፊደል ብቻ አስቀርተው መካከሉን በሰረዝ ይሸፍኑ ነበር። በ1887 ጊልበርትና ሱሊቫን ‹ሩዲጎር› የተባለ ኦፔሬታ ሲያቀርቡ በርዕሱ ውስጥ ያለው ‹ሩዲ› ራሱ ቅሬታ አስነሣ፤ ‹ሩዲ› የ‹ብለዲ› መሸፈኛ ስለነበረ ከጥቂት ቀናት በኋላ የርዕሱ አጻጻፍ ተለወጠ። ያስደነገጠው እንግዲህ ስድቡ ሳይሆን የስድቡ ሽፋን ነው።

በስዊፍትና በግሮዝ መካከል የቃሉ ትርጉም አልተለወጠም፤ ሁለቱም ማጠንከሪያ አድርገው ያውቁታል። የተለወጠው በማን አፍ እንደሚሰማ ነው። መካከለኛው መደብ ራሱን ከታች ካሉት ለመለየት ንግግሩን ማጥራት በጀመረ ጊዜ፣ የወደብ ሠራተኛውና የሠረገላ ነጂው ቃል የንቀት ምልክት ሆነ። የእመቤታችን መሐላ ታሪክም ከዚህ ንቀት ጋር ይስማማል፤ ‹ብልግና ነው› ለሚል ሰው ‹ድፍረትም ነው› የሚል ምክንያት ይጨምርለታልና።

«በርናርድ ሾው በ1914 ቃሉን መድረክ ላይ ስላወጣው ነው የተዳከመው።»

ሾው ቃሉን መድረክ ላይ ለማሰማት የመጀመሪያው እንዳልነበረ ከኤተሪጅ ተውኔት አይተናል። በ1914 የሆነው ምን እንደነበረ ግን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ‹ፒግማሊዮን› የተባለው የሾው ተውኔት በሚያዝያ 11 ቀን በለንደን ሂዝ ማጀስቲስ ቴአትር ሲከፈት ሚስስ ፓትሪክ ካምቤል የአበባ ሻጯን ኢላይዛን ተጫወተች። ኢላይዛ አንድ የድምፀ ቃላት ምሁር የባለጸጎችን አነጋገር ያስተማራት ልጅ ናት፤ በአንድ ቤት እንግድነት ቆይታ ስትወጣ በእግሯ ትሄድ እንደሆነ ስትጠየቅ ‹ኖት ብለዲ ላይክሊ› ብላ ትመልሳለች፤ «በጭራሽ አላደርገውም፣ በታክሲ ነው የምሄደው» ማለቷ ነው። ሳቁ ከአንድ ደቂቃ በላይ ትርኢቱን እንዳስቆመ ይነገራል።

ቀልዱ ያለው በቃሉ ብቻ አይደለም። አነጋገሯ እንከን የለሽ ሆኖ ቃሉ ግን ከመንገድ የመጣ ነው፤ ተመልካቹም መደብ የሚታወቀው በአነጋገር ነው የሚለው እምነቱ በዓይኑ ፊት ሲፈርስ አየ። ይህ እንዲሠራ ቃሉ ከባድ መሆን፣ ነገር ግን ተመልካቹ ሁሉ የሚያውቀው መሆን አለበት፤ ሁለቱም ሁኔታዎች ከሾው በፊት የተሟሉ ነበሩ። ለንደኖች ከዚያ በኋላ ለቀልድ በ‹ብለዲ› ፈንታ ‹ፒግማሊዮን› እያሉ መናገራቸው የሚያሳየው ቃሉ ገና እንደሚፈራ ነው፤ ያልተፈራ ቃል ሽፋን አያስፈልገውም።

ያዳከመው ድግግሞሽ ነው። አሌክሳንደር ማርጆሪባንክስ የተባለ ተጓዥ በ1847 ባሳተመው የኒው ሳውዝ ዌልስ ጉዞው ላይ አንድ የበሬ ሠረገላ ነጂ በ15 ደቂቃ ውስጥ ቃሉን 25 ጊዜ ሲል እንደቆጠረ ጽፏል። ሰውየው በቀን 10 ሰዓት ቢያወራና ለ50 ዓመት ቢቀጥል ከ18 ሚሊዮን ጊዜ በላይ እንደሚለውም አሰላ። ተጓዡ ተጸይፎ ነው የጻፈው፤ ስሌቱ ግን ሌላም ነገር ይነግረናል፦ በሰዓት 100 ጊዜ የሚባል ቃል ለተናጋሪው ስድብ መሆኑ ቀርቶ የዓረፍተ ነገሩ ትንፋሽ ሆኗል። አውስትራሊያውያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ‹የአውስትራሊያ ቅጽል› ብለው በራሳቸው የቀለዱት በዚህ ምክንያት ነው። ብሪታንያ ውስጥም ቃሉ ከወታደር ሰፈርና ከፋብሪካ ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባ ተመሳሳይ ነገር ደረሰበት።

የሾው ተውኔት በ1956 ወደ ሙዚቃዊ ቴአትር ሲለወጥ ደራሲዎቹ ድንጋጤውን ለማግኘት ሌላ መንገድ ፈለጉ፤ በፈረስ እሽቅድድም ቦታ ኢላይዛ ፈረሷን ስታበረታታ መቀመጫን የሚጠራ ጸያፍ ቃል ትጮኻለች። በ42 ዓመት ውስጥ አሮጌው ቃል ያንን ሳቅ የሚሸከም ጉልበት እንዳልቀረው ፈርደውበታል ማለት ነው።

«ዛሬ ምንም ክብደት የለውም፤ የትም ቢባል ማንም አይቆጣም።»

እንደሚባልበት አገር ይለያያል። አሜሪካውያን ቃሉን የእንግሊዞች ልማድ አድርገው ስለሚሰሙት ብዙም ስድብ አይመስላቸውም። የብሪታንያ የስርጭት ተቆጣጣሪ የሆነው ኦፍኮም በ2016 ባወጣው ጥናት ቀላል ከሚባሉት ቃላት ጋር መድቦታል። ሆኖም በ2006 የአውስትራሊያ የቱሪዝም ድርጅት ‹የት ነው ያላችሁት?› የሚለውን ጥያቄ በ‹ብለዲ ሄል› አጠንክሮ ማስታወቂያ ባሰራ ጊዜ፣ የብሪታንያ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ መርማሪዎች በመጀመሪያ እንዳይተላለፍ አገዱት። እገዳው ቆይቶ ተነሣ፤ በቀጣዩ ዓመት ግን የማስታወቂያ ደረጃዎች ባለሥልጣን ያው ጥያቄ የተጻፈባቸው የመንገድ ዳር ሰሌዳዎች እንዲነሱ አዘዘ፤ በቴሌቪዥን በተመረጠ ሰዓት የሚፈቀደው ቃል ልጆች ሁሉ በሚያልፉበት መንገድ ላይ በትልልቅ ፊደላት መቆሙ ተቃውሞ አስነሥቶ ነበር።