በደሴ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ላይ የዕቃዎችን ቀለም መገመት

ከጥቁርና ነጭ ፎቶ የአንድን ልብስ ወይም በር ቀለም በቀጥታ ማንበብ አይቻልም። አንድ ዓይነት ግራጫ ከቀይም፣ ከሰማያዊም፣ ከቡናማም ሊመጣ ይችላል። የሚቻለው ዕጩ ቀለሞችን አስቀምጦ ፊልሙ የማይቀበላቸውን ማስወገድ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከዕቃው ሳይሆን ፊልሙ ለየትኛው ብርሃን ስሜት እንደነበረው ከማወቅ ነው።

የጥንቶቹ የመስታወት ኔጋቲቮች የሚያዩት ሰማያዊንና ከሱ አልፎ ያለውን የማይታይ ብርሃን ብቻ ነበር። ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ፊልም አረንጓዴንና እስከ ቢጫ ያለውን ጨመረ፤ ቀይን ግን አያይም፤ ለዚህም ነው በቀይ አምፖል ሥር የሚታጠበው። ፓንክሮማቲክ ፊልም ሁሉንም ያያል። ፓንክሮማቲክ መስታወት ከ1906 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቢሸጥም ኦርቶክሮማቲኩ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አብሮት ቆይቷል፤ ፎቶው የተነሣበት ዓመት ብቻውን የፊልሙን ዓይነት አይነግርም። ፎቶግራፍ አንሺው በወረቀት ላይ ኔጋቲቭ በሚያወጣ የሳጥን ካሜራ ተጠቅሞ ከሆነም ወረቀቱ በአብዛኛው የሚያየው ሰማያዊን ነው፤ ፎቶው አዲስ ቢሆንም ውጤቱ የጥንቱን መስታወት ይመስላል።

የፊልሙን ዓይነት ለመለየት ቀለሙ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ያስፈልጋል። በደሴ ፎቶዎች ላይ ከሚገኙት ሁሉ የሚሻለው ሰንደቅ ዓላማው ነው፤ ሦስቱ ቀለማት ጎን ለጎን፣ በአንድ ጨርቅና በአንድ ብርሃን ይገኛሉ። በፓንክሮማቲክ ቢጫው ደምቆ አረንጓዴውና ቀዩ ለመለየት እስኪያስቸግሩ ይቀራረባሉ። በኦርቶክሮማቲክ ቀዩ ወደ ጥቁር ይወርዳል፣ አረንጓዴው መካከለኛ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ሰማያዊን ብቻ በሚያየው ደግሞ ቢጫው ራሱ እንደ ቀዩ ይጠቁራል። በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል የተነሣ ፎቶ ሲሆን መጀመሪያ የማን ባንዲራ እንደሆነ መጣራት አለበት፤ የጣሊያኑ መስመሮች ቁም ሲሆኑ መሐሉ ነጭ ነው፣ ቢጫ ነው ብሎ የለካ ሰው ፊልሙን በስህተት ይመድባል።

ለልኬቱ ፎቶው በ16 ቢት፣ የስካነሩ ራስ-ሰር ማስተካከያ ጠፍቶ ይቃኛል። ከዚያ በአንድ ነጥብ ሳይሆን በትንሽ ቦታ አማካይ 0 ጥቁር፣ 255 ነጭ በሆነበት መለኪያ ይነበባል። ለምሳሌ ደሴ ውስጥ በቤታቸው ደጃፍ የቆመ ቤተሰብ ፎቶ አለ እንበል። ነጠላው 235፣ የባንዲራው አረንጓዴ 100፣ ቢጫው 120፣ ቀዩ 25 ይሰጣሉ። ቀዩ ከአረንጓዴው በዚህ ያህል መራቁ ኦርቶክሮማቲክ መሆኑን ያሳያል። የእናትየው ቀሚስ ጥለት 30፣ በሩ 155 ሆኖ ተነበበ።

አሁን ዕጩዎቹ ይፈተናሉ። ቀይ ጥለት፣ ጥቁር ጥለት፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለም የተቀባ በር ዛሬ በቀን ብርሃን በቀለም ካሜራ ይነሣሉ፤ ነጩ ሚዛን በነጭ ነጠላ ላይ ይስተካከላል። GIMP በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ Mono Mixer የሚባለው መሣሪያ ከቀይ 0፣ ከአረንጓዴ 0.5፣ ከሰማያዊ 0.5 ሲደረግለት ኦርቶክሮማቲክን በግምት ይመስላል፤ ለፓንክሮማቲክ 0.3፣ 0.4፣ 0.3 ይበቃል። በዚህ ሙከራ መካከለኛ ሰማያዊ በር 155 አካባቢ ይወድቃል፤ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴም እንዲሁ። ጥለቱም ቀይ ወይም ጥቁር ሊሆን ይችላል። አንድ ፎቶ ከዚህ አያልፍም፣ ከዚህ አልፎ የሚናገር ሰው እየገመተ ነው።

የሚፈታው ሁለተኛ ፎቶ ነው፤ ያው በርና ያው ቀሚስ በፓንክሮማቲክ ከተነሡ። ነጠላው አሁንም 235 እንዲሆን ፎቶው ከተስተካከለ በኋላ በሩ ወደ 127 ከወረደ ሰማያዊ ነበር፤ 150 አካባቢ ከቆየ ፈዛዛ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ነው። ጥለቱ ወደ 80 ከወጣ ቀይ፣ 30 ላይ ከቀረ ጥቁር ነው። በሩ በመካከሉ እንደገና ተቀብቶ እንዳልሆነ ግን በጭረቱና በስንጥቁ መታየት አለበት።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ጥላ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ጥርት ባለ ቀን ጥላ ውስጥ ያለ ነገር የሚበራው በሰማዩ ሰማያዊ ብርሃን ነው። ሰማያዊን በሚያየው ፊልም ላይ ጥላው ዓይን ከሚያየው ይልቅ ይፈካል፤ ስለዚህ በረንዳ ሥር ያለ በር ፀሐይ ላይ ካለ ባንዲራ ጋር አይነጻጸርም። የቆየ ኅትመትም ወደ ቢጫነት ሲያዘነብል ፈዛዛዎቹ ቦታዎች ቀድመው ይጠፋሉ፤ የነጠላው ፈትልና እጥፋት የማይታይ ከሆነ 235ቱ ልኬት አይደለም፣ ሌላ ነጭ ነገር መፈለግ ይገባል። የፊት ቆዳም እንደ መለኪያ አይወሰድም፤ ቡናማ ቆዳ የሚመልሰው አብዛኛውን ቀይ ብርሃን ስለሆነ በኦርቶክሮማቲክ ሰውየው ከነበረው ይልቅ ጠቁሮ ይወጣል።