N+1 ማለት «ሁለት ማቀዝቀዣ አለን» ማለት አይደለም

ጅማ ባለን የሰርቨር ክፍል ባለሙያዎች ቡድን ውስጥ ደጋግሞ የሚያከራክረን N+1 የተባለው የማቀዝቀዣ መጠባበቂያ ስሌት የሚናገረው ስለ ማሽኖች ብዛት ሳይሆን፣ አንዱ ቢቆም የቀሩት ሙቀቱን በሙሉ መሸከም ስለመቻላቸው ነው። N ለሙሉው ጭነት የግድ የሚያስፈልጉት ማቀዝቀዣዎች ቁጥር ነው፤ +1 ደግሞ ለመጠባበቂያ የሚጨመረው አንድ ማሽን ነው።

ሰርቨሮቹ 40 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ቢስቡ፣ ያው 40 ኪሎዋት ሙቀት ሆኖ ይወጣል። 45 ኪሎዋት ተብሎ የተጻፈባቸው ሁለት ማቀዝቀዣዎች ካሉን በወረቀት ላይ N+1 ነን። ሆኖም ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ማራገቢያው ያንኑ ያህል አየር ቢገፋም የሚሸከመው ሙቀት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። አምራቹ ለዚህ ከፍታ የሚሰጠው አኃዝ 37 ኪሎዋት ከሆነ፣ አንዱ ብቻውን 40ውን አይችልም፤ ስለዚህ N ራሱ ሁለት ይሆናል፣ N+1 ለመባልም ሦስተኛ ማሽን ያስፈልጋል።

ከሰርቨሮቹ ጀርባ ያለውን የሙቅ አየር መተላለፊያ በበርና በጣሪያ መዝጋት ሙቀቱን አይቀንስም፤ ሙቁ አየር ዞሮ ወደ ፊት እንዳይመለስ ብቻ ይከለክላል። በዚህ ምክንያት ማቀዝቀዣው የሚነፋውን አየር ከ18 ወደ 24 ዲግሪ ማሳደግ ይቻላል። በስፋት የሚመከረው ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ያለው ልክ ግን የክፍሉ ሳይሆን የሰርቨሩ አየር መሳቢያ ነው። የመደርደሪያው የላይኛው ሰርቨር ከታችኛው በብዙ ዲግሪ ከሞቀ፣ ብዙ ጊዜ ሙቁን አየር ወደ ፊት የሚያሳልፍ ሳይሸፈን የቀረ ባዶ ቦታ አለ።

የN ትርጉም የትም አይለወጥም፤ የሙቀት ልኩ ግን እንደየክፍሉ ይለያያል። እኔ 27 ላይ አልሰቅለውም፤ ማቀዝቀዣ ሲቆም ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨምራልና።