ለእቃ ማድረሻ ቫን መንገድ ሲወጣ የሚሳቱ ነገሮች

«ሁልጊዜ ቅርብ ወዳለው ደንበኛ ከሄድኩ፣ በድምሩም አጭሩ መንገድ የኔ ነው።»

በወረቀት እንሞክረው። አንድ ቀጥ ያለ መንገድ አለ፤ መጋዘኑ መሃል ላይ ነው። በምሥራቅ ሀ በ2 ኪሎ ሜትር፣ መ በ8 ኪሎ ሜትር ይገኛሉ። በምዕራብ ደግሞ ለ በ3፣ ሐ በ13።

ሹፌራችን መጀመሪያ ሀ ዘንድ ይሄዳል፤ 2 ኪሎ ሜትር። ከዚያ ለ በ5፣ መ በ6 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ፤ ስለዚህ ዞሮ ወደ ለ። ከለ ደግሞ ሐ በ10፣ መ በ11፤ ወደ ሐ ቀጠለ። አሁን መ ብቻ ቀርቷል፣ እሱም 21 ኪሎ ሜትር ማዶ ነው! ከመ ወደ መጋዘኑ 8። በድምሩ 46። በየመታጠፊያው የቆጠባት አንዳንድ ኪሎ ሜትር መጨረሻ ላይ ከነወለዷ ተከፈለች።

አሁን ሁለት ጉዞዎችን እንቁረጥ፤ ከመጋዘን ወደ ሀ (2) እና ከሐ ወደ መ (21)። በምትካቸው ከመጋዘን ወደ ሐ (13) እና ከሀ ወደ መ (6) እንቀጥል። 23 የነበረው 19 ሆነ፤ ጠቅላላው 42። ክሮስ የተባለ ሰው በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ቱ ኦፕት የሚባለው ዘዴ ይኸው ነው።

«ቱ ኦፕት ማለት ሁለት ደንበኞችን ማቀያየር ነው አይደል?»

ከላይ ሀ እና ሐ ቦታ የተለዋወጡ ስለሚመስል ያሳስታል። በመካከል የነበሩት ሦስት ብቻ ስለሆኑ ነው። አምስት ቢሆኑ 1-2-3-4-5 የነበረው 5-4-3-2-1 ይሆናል፤ ሁለቱን ጫፎች ብቻ ብትለዋውጥ ግን 5-2-3-4-1። የሚገለበጠው በሁለቱ ቁርጦች መካከል ያለው በሙሉ ነው። ርቀቱ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ከሆነ የመካከሉ ድምር አይለወጥም፤ ስለዚህ አራት ርቀቶችን ማወዳደር ይበቃል።

«ከሀ ወደ ለ እና ከለ ወደ ሀ ያው ነው።»

በአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ የነዳ ሰው ይህን አይልም። ደንበኛህ ከማዶ እየታየህ፣ መዞሪያ ፍለጋ ሩቅ ትሄዳለህ። እንዲህ ባለ ቦታ የተገለበጠው ክፍል ርቀትም ይለወጣል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ስሌቱ «ቀነሰ» እያለ፣ ጉዞው ከመጀመሪያው ሲደመር ኪሎ ሜትሩ ጨምሮ ይገኛል። ያን ጊዜ የመካከሉንም ሂሳብ በአዲሱ አቅጣጫ መሥራት ግድ ነው።

«የሚያሳጥር ቅያሪ ከጠፋ፣ አለቀ።»

በኛ ምሳሌ አልቋል፤ እስከ 8 እና እስከ 13 ደርሶ መመለስ ብቻውን 42 ነውና። ብዙ ደንበኛ ባለበት ከተማ ግን ሁለት ሁለት እየቆረጡ የማይደረስበት የተሻለ መንገድ ሊኖር ይችላል። ጉዞው ክብ ስለሆነ ግንባታውን ከመጋዘኑ መጀመር አይጠበቅብህም። ከሌላ ደንበኛ ጀምረህ ሥራ፣ አሻሽል፣ በመጨረሻ መነሻውን ወደ መጋዘኑ መልሰው። ከተለያየ መነሻ የተለያየ ድምር ከመጣ፣ ትልቁ ድምር ያለው መንገድ ገና ሊያጥር ይችል ነበር ማለት ነው።